ለግብዣዬ መልስ የጠበቅሁበት ሳምንት

ስድስት ኪሎ አካባቢ በምከታተለው የማታ ትምህርት አብሮኝ ለሚማር ሰው፣ ግብዣም የስሜት ግልጽነትም ያለበት አንድ መልእክት በቴሌግራም ላክሁለት። መልእክቱን ለመጻፍ ብዙ አልተቸገርኩም። የሚከብደው ከላኩት በኋላ ያለው ጊዜ መሆኑን ግን አስቀድሜ ስለማውቅ፣ ዝግጅቴን ያደረግሁት ለጽሑፉ ሳይሆን ለዝምታው ነበር። እዚህ የምጽፈው ያንን ዝግጅትና በየቀኑ የሆነውን ነው፤ መልእክት ልከው ስልካቸውን ደጋግመው እየከፈቱ ላሉ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ ልጨምር ይሆን?» እያሉ ለሚያመነቱ ሰዎች ይጠቅም ይሆናል።

ዝምታውን እንድፈራው ያደረገኝ፣ ከዚያ ቀደም ብሎ እኔ ራሴ መላሽ በሆንኩበት ጊዜ ያየሁት ነገር ነው። አንድ የማውቀው ሰው ቡና እንድንጠጣ በጨዋ ቋንቋ ጋብዞኝ ነበር። ግብዣው ደስ ብሎኝ፣ የሥራ ሳምንቱ ሲያልቅ ተረጋግቼ ልመልስለት አሰብኩ። በማግስቱ ጠዋት የጥያቄ ምልክት ብቻ ላከ። ከሰዓት በኋላ «አየሽው?» አለ፤ ማታ ደግሞ «ተቀየምሽኝ እንዴ?» ብሎ፣ ከመተኛቴ በፊት «እሺ በቃ ተይው፣ እንዳልላክሁት ቁጠሪው» የሚል ጨመረበት። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ነገር ግን በመጨረሻው መልእክት ላይ ስደርስ ከፊቴ ያለው ጥያቄ ቡና መጠጣት አለመጠጣቱ መሆኑ ቀርቶ፣ የእሱን ጭንቀት ማስታገስ ሆኖ ነበር። እሺ ብል እሺታዬ ለማረጋጋት የተሰጠ ይመስላል፤ አይሆንም ብል በተጨነቀ ሰው ላይ መጨከን ይሆናል። ስለዚህ ዝም አልኩ፤ ያ ዝምታ ደግሞ መጀመሪያ ያልነበረ፣ መልእክቶቹ ራሳቸው የፈጠሩት ዝምታ ነበር።

የእኔ ተራ ሲደርስ መጀመሪያ ያደረግሁት የመላኪያውን ቀን መምረጥ ነው። ትምህርታችን ሰኞና ረቡዕ ማታ ስለሆነ ረቡዕ ከክፍል በኋላ ብልክ እስከ ሰኞ ፊት ለፊት አንገናኝም። በኮሪደሩ ላይ እየተያየን መልሱን ከፊቱ ላይ ለማንበብ እንዳልሞክር፣ እሱም ሳይዘጋጅ እንዳይያዝ ስል ነው። የላክሁት ጽሑፍ ይህ ነበር፤

«ሰላም። እሑድ 8 ሰዓት ላይ ብሔራዊ ቴአትር የሚታይ ቴአትር አለ፤ አብረን ብናየው ደስ ይለኛል። የጋበዝኩህ እንደ ክፍል ጓደኛ ብቻ ሳይሆን ይበልጥ ላውቅህ ስለምፈልግ ነው። ትኬት የምቆርጠው ዓርብ ከሥራ ስወጣ ስለሆነ እስከዚያ ብትነግረኝ ይበቃል። የማይሆን ከሆነም ሳትጨነቅ ንገረኝ፤ ሰኞ እንደ ወትሮው እናጠናለን።»

ከዚህ ውስጥ መጠባበቁን የለወጠው ስለ ትኬቱ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ነው። ቀን የሌለው ጥያቄ የሚያበቃበት ስለሌለው፣ ጠባቂው በየሰዓቱ «አሁንስ ዘገየ ይባላል?» እያለ ከራሱ ጋር ይከራከራል። ቀን ሲኖረው ግን ከዓርብ በፊት ያለው ዝምታ ገና መልስ አይደለም፤ ሐሙስ ቀን ያልመለሰ ሰው አልዘገየም። አባቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ የልጅቱ ቤተሰብ እዚያው ላይ እሺ ወይም እምቢ አይልም፤ «ዘመድ አዝማድ እናማክር» ብሎ የመመለሻ ቀን ይቆርጣል፤ ሽማግሌዎቹም እስከዚያች ቀን ድረስ በር አያንኳኩም። መካከል ላይ ያለው ጊዜ የንቀት ሳይሆን የክብር ነው፤ ሁለቱም ወገን ቀኑን ስለሚያውቁት ማንም ማንንም አይጎተጉትም። ቴሌግራም ይህን ቀጠሮ ስለማይሰጠን እኛው በጽሑፉ ውስጥ ልናስገባው ይገባል።

ሁለተኛው ዝግጅት የማስታወሻው ነው። ዋናውን መልእክት ከመላኬ በፊት፣ ገና ልቤ ሳይመታ፣ ዓርብ ቀን ምናልባት የምልከውን ብቸኛ ማስታወሻ ጽፌ በቴሌግራሙ «Saved Messages» ውስጥ አስቀመጥኩት። «ሰላም፣ ትኬቱን ዛሬ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እቆርጣለሁ። እስከዚያ ካልሰማሁህ አንድ ብቻ እይዛለሁ፤ ምንም ችግር የለውም» ይላል። በውስጡ «ለምን» የለም፤ «አየኸው ወይ» የለም፤ ይቅርታም የለም። አዲስ መረጃ አለው፤ እሱም ሰዓቱ ነው። ለእኔ አንድ ተከታይ መልእክት ተገቢ ነው የሚባለው ለተቀባዩ የሚጠቅም አንድ ነገር ሲይዝ ነው፤ የላኪውን ስሜት ብቻ የሚያስተላልፍ ከሆነ በየትኛውም ትሕትና ቢጻፍ ጉትጎታ ነው። ቴሌግራም መልእክትን በቀጠሮ የመላክ አገልግሎት አለው፤ እኔ ግን አልተጠቀምኩበትም። በቀጠሮ የተቀመጠ መልእክት ሰውየው በመካከሉ ቢመልስም ካላጠፋችሁት በሰዓቱ ይሄዳል፤ ከተመለሰ መልስ በኋላ የሚደርስ ማስታወሻ ደግሞ አሳፋሪ ነው።

እዚህ ላይ ግብዣንና የስሜት ግልጽነትን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ግብዣ ይረሳል፤ ሰው በሥራ ተጠምዶ፣ ለቅሶ ሄዶ፣ የኢንተርኔት ጥቅሉ አልቆበት ቀኑ ሊያልፍበት ስለሚችል አንድ ማስታወሻ ይገባዋል። «እወድሃለሁ» ወይም «ስላንቺ ሳስብ ነው የከረምኩት» የሚል ቃል ግን አይረሳም። ያነበበው ሰው መልስ ባይሰጥም እንኳ በልቡ ይዞታል። ስለዚህ ግብዣ ያልተያያዘበት የስሜት ግልጽነት ማስታወሻ አያስፈልገውም ባይ ነኝ፤ አንዲትም ብትሆን። እኔ ሁለቱን ያያያዝኩት በከፊል ለዚህ ነው፤ የሚያስታውሰው ትኬቱን እንጂ ስሜቴን እንዳይሆን።

ሦስተኛው ዝግጅት ስልኩ ላይ ነበር። በቴሌግራም አንዱ ትልቅ ፈተና ሰውየው መጨረሻ የታየበትን ሰዓት ማየት ነው። መልእክቴን ሳይከፍት «ከ5 ደቂቃ በፊት ነበር» የሚል ሲመጣ፣ ያ ሰዓት ምንም ሳይናገር ብዙ ያናግረናል። ቴሌግራም እዚህ ላይ አንድ የተመጣጠነ ሕግ አለው፤ የራስህን ሰዓት ከሰው ብትደብቅ፣ በክፍያ የሚገኘውን አገልግሎት ካልገዛህ በቀር የዚያን ሰው ትክክለኛ ሰዓት አንተም አታይም። ስለዚህ «Privacy and Security» ውስጥ ገብቼ «Last Seen & Online» የሚለውን «Nobody» አደረግሁት። ዓላማዬ እሱ እንዳያየኝ አልነበረም፤ እኔ እንዳላየው ነበር። ከዚያ በኋላ የሚታየኝ «last seen recently» የሚል ብቻ ሆነ፤ ይህም ከአሁን ጀምሮ እስከ ሁለትና ሦስት ቀን ድረስ ያለውን ሁሉ ስለሚጠቀልል ምንም ዓይነት ትርጉም ሊወጣለት አይችልም። ቀጥዬ ውይይታችንን ማህደር ውስጥ አስገባሁት፤ ድምፁን ግን አላጠፋሁትም። ድምፁ ያልጠፋ ውይይት አዲስ መልእክት ሲመጣበት ከማህደር ወጥቶ ወደ ዋናው ዝርዝር ይመለሳል፤ ድምፁ ከጠፋ ግን እዚያው ይቀራል። በዚህ ዘዴ መልስ ቢመጣ እንደማያመልጠኝ እርግጠኛ ስለሆንኩ፣ መልስ መምጣቱን ለማረጋገጥ ውይይቱን የምከፍትበት ምክንያት ቀረ። ለማየት ለራሴ የፈቀድኩት በቀን አንዴ፣ ማታ ከራት በፊት ነበር።

ሐሙስ ማታ ስከፍተው ሁለት ምልክት ሆኖ አገኘሁት። ለማያውቀው ሰው ላስረዳ። በቴሌግራም አንድ ምልክት መልእክቱ ከእኔ ስልክ ወጥቶ ወደ ቴሌግራም መዝገብ መግባቱን ብቻ ይናገራል፤ የተቀባዩ ስልክ ይጥፋ ወይም መብራት ይሂድ አይነግረንም። ሁለት ምልክት ውይይቱ መከፈቱን ይናገራል። በመካከሉ አንድ የሚሳት ነገር አለ፤ ሰውየው ከላይ ብቅ ከሚለው ማሳወቂያ ላይ ሙሉውን አንብቦ ውይይቱን ሳይከፍት ሊተወው ስለሚችል፣ አንድ ምልክት «አልተነበበም» ማለት አይደለም። በተመሳሳይ ሁለት ምልክት «አንብቦ፣ አስቦ፣ ንቆ ተወው» ማለት አይደለም፤ ታክሲ ውስጥ ከፍቶ መውረጃው ደርሶበትም ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ሁለቱን ምልክት ባየሁበት ቅጽበት ሆዴ ባር ባር አለ። እስከዚያ ድረስ ዝምታው የኔትወርክ ሊሆን ይችል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የሰው ሆነ።

ተከታይ መልእክት የመላክ ፍላጎት ከሁሉም በላይ የሚበረታው በዚህ ሰዓት ነው፤ የሚመጣውም በግልጽ አይደለም፤ ሰበብ ለብሶ ነው። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ የሰኞውን የክፍል ማስታወሻ ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ መጠየቅ ነበር፤ ማስታወሻው ግን እጄ ላይ ነበር። ቀጥሎ፣ በክፍላችን የጋራ ግሩፕ ውስጥ አንድ የሚያስቅ ነገር ልኬ እንዲያየኝ ማድረግ አማረኝ። ከዚያም ሁለታችንንም ለምታውቅ ልጅ ደውዬ «እስቲ በዘዴ ጠይቂልኝ» ልላት አሰብኩ። እነዚህ ሦስቱም ያው ተከታይ መልእክት ናቸው፤ በሌላ መንገድ ይሂዱ እንጂ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። ለመለየት የተጠቀምኩበት ጥያቄ ቀላል ነበር፤ መልስ ደርሶኝ ቢሆን ኖሮ ይህን እልከው ነበርን? ሦስቱንም አልልካቸውም ነበር።

ከሁሉም የከፋው ሰበብ «ቀልዴን ነው» የሚለው ነው። ዝምታው ሲበረታ የተናገሩትን መልሶ መዋጥ ያምራል፤ በቴሌግራም ደግሞ መልእክትን ከሁለቱም ወገን ማጥፋት ስለሚቻል እጅ ቶሎ ይሮጣል። ነገር ግን የተነበበ መልእክት ቢጠፋም ከሰው ጭንቅላት አይጠፋም፤ አሁን ደግሞ ሰውየው ከግብዣው በተጨማሪ የጠፋበትን ምክንያት ሊያስብ ነው።

ያን ማታ መልእክቶቹን አልላክኋቸውም፤ አልዋጥኳቸውምም። በወረቀት ደብተር ላይ፣ ሊልኩት በማይቻልበት ቦታ፣ ሙሉ በሙሉ ጻፍኳቸው፤ ከእያንዳንዱ ጎን ሰዓቱን አስቀመጥኩ። ማታ 3 ሰዓት ከሩብ ላይ የጻፍኩት እየተማጸነ ነው። ከዚያው በታች ያለው ይቆጣል። ወደ 4 ሰዓት ገደማ የጻፍኩት «ነገ ይታያል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። የስነ ልቦና ባለሙያው አለን ማርላት ሱስን ለሚያቆሙ ሰዎች ያስተማረው ነገር ይኸው ነው፤ ፍላጎት እየጨመረ ሄዶ ጫፍ ይደርስና፣ ሳይታዘዙለት ቢመለከቱት በራሱ ይወርዳል። እኔም ደብተሩ ላይ ያየሁት መውረዱን ነው። ፍላጎቱ ሁልጊዜ የሚነሳበት ሰዓትም እንዳለው ከዚያው ተረዳሁ፤ ከሥራ ወጥቼ ታክሲ ስጠብቅና ከመተኛቴ በፊት። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ስልኩን ከቦርሳዬ ግርጌ አደረግሁት፤ ማታም ከመኝታዬ ርቆ ሳሎን ውስጥ ቻርጅ አደረግሁት።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሪቨርሳይድ የምታስተምረው ኬት ስዊኒ ውጤት የሚጠብቁ ሰዎችን ስታጠና ቆይታለች። ካጠናቻቸው መካከል የጥብቅና ፈተና ተፈትነው ውጤቱን 4 ወር የሚጠብቁ የሕግ ምሩቃን ይገኙበታል። ጭንቀታቸው የሚበረታው በመጠባበቂያው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ሲሆን መካከሉ ይቀልላል። ጭንቀትን ለመቀነስ የሞከሯቸው ዘዴዎች በአብዛኛው ብዙም አልረዷቸውም፤ የተሻለ የረዳቸው ሙሉ ልብን የሚወስድ፣ ከችሎታ ጋር የሚመጣጠን ሥራ ውስጥ መግባት ነው። ይህ ከእኔ ጋር ገጠመ። ሐሙስ ከሰዓት ልብስ ሳጥብ እጄ ሥራ ላይ ነበር፤ ሐሳቤ ግን ከስልኩ ጋር። ዓርብ ዕለት ቢሮ ውስጥ የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያ ስሠራ ግን ሌላ ሆነ። በእኛ መዝገብና በባንኩ መግለጫ መካከል የ2,700 ብር ልዩነት ነበረ፤ ለ9 ስለሚካፈል የተገለባበጠ አኃዝ ጠረጠርኩና ቼኮቹን አንድ በአንድ ሳይ 8,500 ሆኖ መመዝገብ የነበረበት 5,800 ተብሎ ተጽፎ አገኘሁት። ያንን ሳገኝ ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር። ታላቃችን የሆኑት የሒሳብ ኃላፊ ከወንበራቸው ቀና ብለው «አንቺ ልጅ፣ ዛሬስ ስልክሽን ጥለሽ መጣሽ?» አሉኝ። መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ እስከዚያ ሰዓት ትዝም አላለኝ።

ዓርብ 8 ሰዓት ላይ መልስ ስላልነበረ ያስቀመጥኩትን ማስታወሻ ገልብጬ እንዳለ ላክሁት። አንድ ቃል ለመጨመር አምሮኝ ነበር፤ «እንዳትቀየመኝ» የምትል። አልጨመርኩም፤ ረቡዕ የጻፈችው እኔ ከዓርቧ እኔ የተረጋጋች መሆኗን ስለማውቅ የእሷን ውሳኔ አከበርኩ። 11 ሰዓት ሲሆን ከአራት ኪሎ ተነሥቼ በቤተ መንግሥቱና በሂልተን በኩል ቁልቁል ወደ መስቀል አደባባይ፣ ከዚያም ወደ ብሔራዊ ቴአትር በእግሬ ሄድኩ። ይህን የመረጥኩት በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስልክ ከማየት መራመዱ ስለሚሻለኝ ነው። መስኮቱ ጋ ስደርስ መልስ አልነበረም። አንድ ትኬት ቆረጥኩ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ የምጠብቀው ነገር ስላልነበረ መጠባበቁ በዚያው አበቃ፤ ማዘን ነበረ፣ ግን ማዘን ከመጠባበቅ ሌላ ነው፤ እንቅልፍም አልከለከለኝም።

መልሱ የመጣው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። «ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሐሙስ ነው ያነበብኩት፤ ሦስት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁት። ከሌላ ሰው ጋር ነኝ፤ ይህን እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ ጨንቆኝ ነበር። ሰኞ ባትቀርቢ ብዬም ፈራሁ።» ስለ ዝምታው በልቤ የደረደርኳቸው ግምቶች፣ ኔትወርኩም፣ ለቅሶውም፣ ንቀቱም፣ አንዳቸውም ልክ አልነበሩም። ሰውየው መልሱን ያወቀው ሐሙስ ነበር፤ ያጣው ቃሉን ነው። ሐሙስ ማታ የክፍል ማስታወሻ ብጠይቀው ኖሮ ማስታወሻውን ልኮልኝ፣ ያንን እንደ መልስ ቆጥሬው ሌላ ሳምንት እጠብቅ ነበር።

እንቢታ ከመጣ በኋላ ያለው መልእክትም ተከታይ መልእክት መሆኑን ብዙዎች አያስተውሉም። «ማን ናት?»፣ «ከመቼ ጀምሮ?»፣ «ቀደም ብለህ ብትነግረኝስ?» የሚሉት ሁሉ ሰውየው ያቀረበውን መልስ እንዲያብራራ የሚያስገድዱ ናቸው። የእኔ መልስ «ግልጽ ስለሆንክልኝ አመሰግናለሁ። ሰኞ እንገናኝ፤ የሁለተኛውን ምዕራፍ መልመጃ አልጨረስኩትም» የሚል ነበር። መልመጃው በእርግጥም አላለቀም ነበር። እሑድ ቴአትሩን ለብቻዬ አየሁ፤ ሰኞ ክፍል ስገባ ከወትሮው ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ እሱም በዕረፍት ሰዓት መጥቶ ስለ ቴአትሩ ጠየቀኝ። «Last Seen & Online» የሚለውን ግን እስከ ዛሬ ወደ ቀድሞው አልመለስኩትም።